ፍላጉን ማጥፋት የተከፈለውን ሂሳብ አይመልስም

ጥያቄ፦ «በምዕራብ ጎጃም ለሚገኝ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የበቆሎ ግዥ ሥርዓት እሠራለሁ። ከቡሬ እስከ ደምበጫ ባሉት የግዥ ማዕከላት መዛኞች በታብሌት ይመዘግባሉ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ታብሌቱ መዝገቡን ይዞ ይቆይና በኋላ ወደ ሰርቨር ይልካል። አሁን የእርጥበት ቅናሹን ስሌት ቀይረን ከሰርቨር በሚበራና በሚጠፋ ማብሪያ፣ ማለትም በፊቸር ፍላግ ሸፍነነዋል። ፍላጉ በርቶ ቴስት አድርጌዋለሁ፤ ሲጠፋ ግን ያው የድሮው ስለሆነ አልደገምኩትም። ሐሳቤ መጀመሪያ ለ10 በመቶ ገበሬዎች፣ ቀጥሎ ለ50፣ ከዚያ ለሁሉም መክፈት ነው። ችግር ከመጣ አጠፋዋለሁ። ምን ይቀረኛል? ፍላጉንስ መቼ ላውጣው?»

ምላሽ፦ ከጻፉት ሁሉ የሚያሰጋኝ «ሲጠፋ ያው የድሮው ነው» የሚለው ነው። የድሮው ስሌት እስከ ትናንት ድረስ ብቻውን ይሠራ ነበር። ዛሬ የሚሠራው በአዲሱ ኮድ መካከል ነው። ፍላጉን ለማስገባት ሲሉ ፋንክሽኑን ለሁለት ከፍለዋል፤ ምናልባትም ዳታቤዙ ላይ አንድ ዓምድ ጨምረዋል፣ የደረሰኙን ቅርጽ ነክተዋል፣ ታብሌቱ ወደ ሰርቨር የሚልከውን መልእክት አስረዝመዋል። ይህ ሁሉ ፍላጉ በራም ጠፋም አብሮ የሚሄድ ለውጥ ነው። አዲሱን እትም በጫኑበት ቀን ማዕከላቱ በሙሉ የሚጠቀሙት ደግሞ ፍላጉ የጠፋበትን መንገድ ነው፤ አዲሱ ስሌት ቢበላሽ የሚሸሹትም ወደዚያው ነው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለመፈተሽ ጊዜ ቢኖርዎት፣ መፈተሽ የሚገባው የተዉት ነበር።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይቀላል። የድሮው ስሌት ከ13.5 በመቶ በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ የእርጥበት ነጥብ ከኩንታል አንድ ኪሎ መቀነስ ነው ብዬ ልነሳ። ገበሬው 10 ኩንታል፣ ማለትም 1,000 ኪሎ በቆሎ አምጥቶ መለኪያው 16.5 ቢያሳይ፣ ትርፉ ሦስት ነጥብ ስለሆነ 30 ኪሎ ይቀነስና 970 ኪሎ ይከፈለዋል። አዲሱ ስሌት የምርቱን ደረቅ ክፍል የሚይዘው ቀመር ከሆነ ግን 1,000 በ83.5 ተባዝቶ ለ86.5 ይካፈላል፤ ውጤቱ 965.32 ኪሎ ነው። የኪሎውን ዋጋ ለምሳሌ 40 ብር ብንይዝ የመጀመሪያው 38,800 ብር፣ ሁለተኛው 38,612 ብር ከ80 ሳንቲም ይመጣል። ልዩነቱ 187 ብር ከ20 ሳንቲም ነው። ቀመሩ የእርስዎ ካልሆነም መንገዱ አይለወጥም፤ በሁለቱም ወገን በእጅ አስልተው ያረጋገጡት ቁጥር ይኑርዎት፣ ቴስቱም ያንኑ ቁጥር ይጠይቅ።

```python
@pytest.mark.parametrize("flag_on, net", [
    (False, "970.00"),
    (True,  "965.32"),
])
def test_net_weight(flag_on, net):
    flags = FakeFlags(new_moisture_calc=flag_on)
    t = open_ticket(gross="1000", moisture="16.5", flags=flags)
    assert t.net_kg == Decimal(net)
```

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያስተውሉ። ቴስቱ ፍላጉን ከእውነተኛው የፍላግ ሰርቨር አይጠይቅም፤ በእጁ ይሰጠዋል። ሰርቨሩን የሚጠይቅ ቴስት አንድ ሰው ፍላጉን በነካ ቁጥር ዛሬ አልፎ ነገ ይወድቃል፤ ምክንያቱን ሲፈልጉም ግማሽ ቀን ይሄዳል። ሁለተኛው፣ የሚጠበቀው ቁጥር በቴስቱ ውስጥ በቀመር አልተሰላም፤ ተጽፎ ተቀምጧል። ቴስቱ ራሱ ቀመሩን ደግሞ ካሰላ፣ ኮዱ ሲሳሳት አብሮት ይሳሳታል።

ሁለቱ መንገዶች የሚለያዩበትን ብቻ ሳይሆን መለያየት የሌለባቸውንም ቦታ ይፈትሹ። በ13.5 ላይ ሁለቱም 1,000 ኪሎ መስጠት አለባቸው። ከዚያ በታች ያለው ደግሞ ወጥመድ አለው። ገበሬው በደንብ የደረቀ፣ 12 በመቶ እርጥበት ያለው በቆሎ ቢያመጣ የድሮው ስሌት ቅናሽ የለም ብሎ 1,000 ኪሎ ይከፍላል። አዲሱ ቀመር እንዳለ ከተተወ 1,000 በ88 ተባዝቶ ለ86.5 ሲካፈል 1,017.34 ኪሎ ይሰጣል፤ ሚዛኑ ካነበበው በላይ ይከፍላል ማለት ነው። ይህ ለደረቅ ምርት የታሰበ ጉርሻ ከሆነ ዩኒየኑ ይወስንበት፤ ካልሆነ ግን ስሌቱ 1,000 ላይ መቆም አለበት። ፍላጉን አብርተው ያደረጉት ቴስት እርጥብ በቆሎ ብቻ ይዞ ከሆነ ይህን አያሳይዎትም።

ፍላጎች ሲበዙ ጥምረታቸው ያስፈራል፤ ስድስት ፍላግ 64 ጥምረት ነው። ሁሉንም መፈተሽ ማንም አያደርገውም፤ አስፈላጊም አይደለም። ሦስቱ ይበቃሉ፦ ዛሬ ማዕከላቱ ላይ ያለው ሁኔታ፣ ይህ ፍላግ ብቻ ተቀይሮ ነገ የሚኖረው ሁኔታ፣ እና የፍላግ ሰርቨሩ ጨርሶ ባይገኝ ሁሉም ፍላግ ወደ መነሻው የሚመለስበት ሁኔታ። ሌላ ጥምረት የሚጨመረው ሁለት ፍላጎች አንድ ቁጥር ላይ ሲገናኙ ብቻ ነው። የደረሰኙን ቀለም የሚቀይር ፍላግ ከእርጥበት ስሌት ጋር ጉዳይ የለውም። የማጓጓዣ ተቀናሽን የሚቀይር ፍላግ ካለ ግን በዚያው የተጣራ ክብደት ላይ ስለሚሠራ፣ ከዚህኛው ጋር በአራቱም ሁኔታ ይፈተሽ።

እስካሁን ያልኩት ፍላጉ በርቶ ወይም ጠፍቶ ባለበት ስለሚቆይበት ጊዜ ነው። የእርስዎ ዓይነት ሥርዓት ላይ ጉዳት የሚደርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በመሸጋገሪያው ላይ ነው። መዛኙ ጠዋት ኔትወርክ በሌለበት ሚዛኑን አነበበ እንበል፤ ታብሌቱ 970 ኪሎ ብሎ ደረሰኝ አተመ፣ ገበሬውም ደረሰኙን ይዞ ወደ ገንዘብ ያዡ ሄደ። እርስዎ ረፋዱ ላይ ፍላጉን አበሩት። ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ሲመጣ ታብሌቱ መዝገቡን ላከ፤ ሰርቨሩም ጠቅላላ ክብደቱንና እርጥበቱን ይዞ እንደገና አሰላና 965.32 ብሎ መዘገበ። ገበሬው በ970 ተከፍሎታል፣ መጽሐፉ 965.32 ይላል፣ ገንዘብ ያዡ ማታ ሂሳብ ሲዘጋ 187 ብር ከ20 ሳንቲም ጎድሎበት ይገኛል። ስሌቱ በሁለቱም በኩል ትክክል ነው። ስህተቱ አንድ ግዥ ፍላጉን ሁለት ጊዜ መጠየቁ ነው።

መድኃኒቱ ፍላጉን ለአንድ ግዥ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደረሰኙ ሲከፈት መጠየቅና የተገኘውን መልስ ከደረሰኙ ጋር አብሮ መመዝገብ ነው። ለዚህ የስሌት እትም የሚይዝ አንድ ዓምድ ይበቃል፤ ለድሮው 1፣ ለአዲሱ 2። ከዚያ በኋላ ያለው ኮድ በሙሉ፣ ማተሚያውም ማመሳሰያውም ሪፖርቱም፣ የሚያነበው ያንን ዓምድ እንጂ ፍላጉን አይደለም። ቴስቱም አጭር ነው።

```python
def test_flip_leaves_open_ticket_alone():
    flags = FakeFlags(new_moisture_calc=False)
    t = open_ticket(gross="1000", moisture="16.5", flags=flags)
    flags.set("new_moisture_calc", True)
    saved = sync(t, flags=flags)
    assert saved.net_kg == Decimal("970.00")
    assert saved.calc_version == 1
```

ይህንኑ በተቃራኒው፣ በርቶ ተከፍቶ ጠፍቶ የሚላከውንም ይጻፉት። ችግር ቢመጣ ወደ ኋላ የሚመለሱበት መንገድ እሱ ስለሆነ፣ ያልተፈተሸ መመለሻ ይዞ መጀመር ጥሩ አይደለም።

«ችግር ከመጣ አጠፋዋለሁ» ላሉት መልሱ ከዚሁ ይከተላል። ፍላጉን ማጥፋት የሚያቆመው ቀጣዩን ደረሰኝ ነው። የመስኖ ቦይ መዝጋት ያለፈውን ውሃ እንደማይመልስ ሁሉ፣ በአዲሱ ስሌት የተከፈለው ገንዘብና የተጻፈው መዝገብ ባሉበት ይቆያሉ። የተሳሳተ ከሆነ የሚስተካከለው በማካካሻ ክፍያ ነው፤ ማካካሻውን ለማውጣት ደግሞ የትኞቹ ደረሰኞች በእትም 2 እንደተሠሩ ማወቅ ያስፈልጋል። ዓምዱ ከሌለ መፍትሔው የደረሰኞቹን ሰዓት ከፍላጉ ታሪክ ጋር እያስተያዩ መገመት ይሆናል፤ የታብሌቶቹ ሰዓት ደግሞ ትክክል ነው ብዬ አልምልልዎትም። የወር መጨረሻ ሪፖርቱንም ይመልከቱ። የተጣራ ክብደትን ከመዝገብ ሳያነብ ከጠቅላላ ክብደትና ከእርጥበት እንደገና የሚያሰላ ከሆነ፣ ፍላጉን ባበሩ ቀን ያለፈው ወር ሂሳብ ይቀየራል። ኦዲተር የሚጠይቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው።

ማጥፋቱም ቢሆን እንዳሰቡት ፈጣን አይደለም። ኔትወርክ የሌለው ታብሌት ቢሮ ተቀምጠው ማጥፊያውን ሲጫኑ አይሰማም። ስለዚህ እኔ የምመክረው ታብሌቱ የፍላጉን ሁኔታ ጠዋት ግዥ ሲከፈት አንድ ጊዜ እንዲወስድና እስኪዘጋ ድረስ ያንኑ እንዲይዝ ነው። ኔትወርክ ከሌለ የትናንቱን ይዞ ይቀጥል፤ ወደ መነሻው አይመለስ። መነሻው፣ ማለትም ታብሌቱ ምንም ሰምቶ የማያውቅ ከሆነ የሚይዘው፣ የድሮው ስሌት ይሁን። አንዳንዶች የተቀመጠው መልስ ከ24 ሰዓት በኋላ እንዲሰረዝ ያደርጋሉ። ኔትወርክ በማይቋረጥበት ከተማ ጥሩ ነው፤ ለሁለት ቀን ኔትወርክ በሚጠፋበት ማዕከል ግን አንድ ታብሌት ማንም ሳያዝዘው እኩለ ቀን ላይ ወደ ድሮው ይመለሳል፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ በአዲሱ ይቀጥላል። የዚህ ውሳኔ ዋጋው የታወቀ ነው፦ በቀኑ መካከል ስህተት ቢታይ ፍላጉ አያድንዎትም። ለዚያ የሚያስፈልገው የማዕከሉ ኃላፊ ስልክ ቁጥርና የወረቀት የግዥ ቫውቸር ጥራዝ ነው፤ ሁለቱም ከመጀመሪያው ቀን በፊት በቦታቸው ይገኙ።

አሁን ወደ 10 በመቶው። ለድረ ገጽ ቁልፍ ቢሆን ኖሮ እሺ ባልኩ። እዚህ ግን ገበሬን በመቶኛ መከፋፈል ማለት በአንድ ሰልፍ የቆሙ፣ ከአንድ ቀበሌ አብረው የመጡ፣ እኩል 10 ኩንታልና እኩል 16.5 እርጥበት ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች የተለያየ ብር ይዘው ይወጣሉ ማለት ነው። ደረሰኛቸውን ያስተያያሉ፤ ያለ ጥርጥር ያስተያያሉ። ከኩንታል አንድ ኪሎ የሚለውን ቅናሽ የጎጃም ገበሬ ሚዛኑ ላይ ቆሞ በጭንቅላቱ ያሰላዋል፤ ለ86.5 ማካፈልን ግን አያሰላም። የማይሰላ ቅናሽ ላይ ጎረቤቱ የተሻለ ተከፍሎት ካየ፣ የሚጠረጠረው ፕሮግራሙ ሳይሆን መዛኙ ነው። ስለዚህ የሚከፋፈለው ገበሬ ሳይሆን ማዕከል ነው፤ አንድ ማዕከል በአንድ ቀን በአንድ ስሌት ብቻ ይሠራል። የፍላግ ሥርዓትዎ በመቶኛ ብቻ የሚከፋፍል ከሆነ፣ መከፋፈያው የማዕከሉ መለያ ቁጥር እንዲሆን ያድርጉት፤ የገበሬው ወይም የታብሌቱ አይሁን። አዲሱ ስሌት የሚጀምርበት ቀንም ለአባላት አስቀድሞ ይነገር፣ ሚዛኑ አጠገብም ይለጠፍ። ፍላግ የዩኒየኑን ውሳኔና ማስታወቂያ አይተካም።

ገንዘብ ከመነካቱ በፊት ግን አንድ ደረጃ አለ፤ እንዳይዘሉት። አዲሱ ስሌት በሁሉም ማዕከል ከድሮው ጎን ለጎን እንዲሠራ ያድርጉ፤ የሚከፈለውና የሚታተመው የድሮው ይሁን፣ የአዲሱ ውጤት በጸጥታ ይመዝገብ። በእኛ ምሳሌ ያለው ልዩነት በቀላሉ ይታወቃል፦ ከ13.5 በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ ነጥብ በ1,000 ኪሎ 1.56 ኪሎ ያህል ነው። ለ16.5 ሲሆን 4.68 ኪሎ፣ ለ20 ሲሆን 10 ኪሎ ገደማ። ከ13.5 በታች ደግሞ፣ አዲሱ ስሌት 1,000 ላይ እንዲቆም ከተደረገ፣ ዜሮ። ልዩነቱን ከእርጥበቱ አንጻር ሥዕል ላይ ቢያስቀምጡት ነጥቦቹ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ይሰለፋሉ። ከመስመሩ የወጣ ደረሰኝ ካለ ወይ የማጠጋጋት ችግር ነው፣ ወይ ክብደቱ በኩንታል ተጽፎ በኪሎ ተነብቧል፣ ወይ መዛኙ 16.5 ለማለት 165 መትቷል። የመጨረሻው ስህተት፣ የድሮው ስሌት የቅናሽ ጣሪያ ካለው፣ ሲሸከመው የኖረ ሊሆን ይችላል፤ 165 ለአዲሱ ቀመር ሲሰጥ ግን አሉታዊ ክብደት ይወጣል፣ ፕሮግራሙም የት እንደሚቆም አይታወቅም።

ጊዜውን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ለጥንቃቄ ሲባል ሙከራው ግዥ ቀዝቀዝ ወደሚልበት ወደ የካቲትና መጋቢት ይገፋል። ያን ጊዜ የሚመጣው በቆሎ ጎተራ ሰንብቶ የደረቀ ነው፤ አብዛኛው ከ13.5 በታች ስለሚሆን ሁለቱ ስሌቶች አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣሉ። ሪፖርቱ ንጹሕ ይሆናል፣ ሁሉም ይደሰታል፣ ያረጋገጡት ነገር ግን የለም። በሚቀጥለው ኅዳር እርጥብ በቆሎ ሲገባ አዲሱ ስሌት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈተነው በጣም በሚበዛበት ሰሞን ነው። ስለዚህ የጎን ለጎኑን ስሌት በቀን ሳይሆን በእርጥብ ደረሰኝ ይለኩት። ከ13.5 በላይ የሆኑ ቢያንስ 200 ደረሰኞች እስኪያዩ ድረስ ወደሚቀጥለው አይለፉ፤ በሳምንትም ይሙላ በወር።

ከዚያ በኋላ አንድ ማዕከል ይክፈቱ። ቢሮዎ ፍኖተ ሰላም ከሆነ እዚያው ይሁን፤ ስልክ ሲደወል ራስዎ መድረስ የሚችሉበት ቦታ ነው የሚፈለገው። ቀኑ ገበያ የሚውልበት ቀን አይሁን። አንድ ሙሉ የሂሳብ መዝጊያ እስኪያልፍ ይቆዩ፤ ደረሰኝ ሲታተም የማይታይ ብዙ ስህተት ሂሳብ ሲዘጋ ይወጣል። ሁለተኛው ማዕከል ደግሞ ቀላሉ ሳይሆን አስቸጋሪው ይሁን፦ ከዋናው መንገድ የራቀ፣ ወደ ወምበርማ በኩል ያለ ማዕከል ካለዎት እሱ። የሥርዓትዎ ድክመት ያለው ኔትወርክ ሲቋረጥ ነው፤ ድክመቱን አራት ጥሩ ማዕከል ከፍተው አያገኙትም። ሁለቱ ካለፉ የቀሩትን በሁለት ወይም በሦስት ዙር መክፈት ይቻላል፤ በዚህ ላይ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም።

የሚቆሙበትን ምልክት ግን ፍላጉን ከማብራትዎ በፊት ጽፈው ያስቀምጡ፤ በኋላ የሚጻፍ ምልክት ሁልጊዜ ይለሳለሳል። ለእርስዎ ሦስት በቂ ናቸው። አንደኛ፣ የተከፈለው ከመስመሩ የወጣ አንድም ደረሰኝ ከተገኘ። ሁለተኛ፣ የስሌት እትም ያልተጻፈበት አንድም ደረሰኝ ሰርቨር ከደረሰ። ሦስተኛ፣ የማዕከሉ ጥሬ ገንዘብ ከመጽሐፉ ጋር ሳይገጥም ከቀረ። እነዚህ በመቶኛ የሚለኩ አይደሉም፤ አንድ ይበቃል። ማጥፊያውን የሚጫነው ሰው በስም ይታወቅ፣ ተተኪም ይኑረው፣ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ማጥፋት ይችል። ለማብራት ግን ሁለት ሰው ይስማማ።

የማብሪያው ሰዓት በሲስተሙ ቀድሞ የሚቀጠር ከሆነ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ኃላፊው «ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይብራ» ብሎ ይጽፋል፤ የሚሞላው ሰው `02:00` ብሎ ይሞላል፤ ሰርቨሩ ደግሞ በ`UTC` ይሠራል። የሚበራው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። የታሰበው ለሰርቨሩ `05:00` ነበር። ለዚህ ፍላግ ሦስት ሰዓት መቅደሙ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ ማታ ከተዘጋ በኋላ እንዲጠፋ የተቀጠረ ፍላግ ቀን ላይ ሲጠፋ ግን ይጎዳል።

ወደ ማንሳቱ እንምጣ። ፍላጉ የሚወጣበት ቀንና የሚያወጣው ሰው ፍላጉ በተፈጠረበት ቀን መጻፍ አለባቸው፤ ይህን ገና ካላደረጉ ዛሬ ያድርጉት። ለእርስዎ ትክክለኛው ጊዜ ሁሉም ማዕከላት ከተከፈቱ በኋላ አንድ ሙሉ የወር መዝጊያ ያለ ማካካሻ ሲያልፍ ነው። ከዚያ በላይ ማቆየት ጥቅም የለውም፦ የድሮውን መንገድ ማንም ስለማይጠቀምበት ማንም አይጠብቀውም፤ ከስድስት ወር በኋላ ፍላጉን ያጠፋ ሰው የሚያገኘው ያረጀና ያልተፈተሸ ኮድ ነው።

የማንሳቱ ቅደም ተከተል እዚህ ወሳኝ ነው፤ ብዙዎች ይገለብጡታል። ሥራው አልቋል ብለው መጀመሪያ ፍላጉን ከሰርቨሩ ይሰርዛሉ። አሁን በአንድ ማዕከል መሳቢያ ውስጥ ቻርጅ አልቆበት የከረመ ታብሌት አለ እንበል፤ በላዩ ያለው አፕሊኬሽን ፍላጉን የሚጠይቀው እትም ነው። የተቀመጠ መልስ የለውም ወይም ዳግም ተጭኗል። አውጥተው ሲከፍቱት ፍላጉን ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ «እንዲህ የሚባል አላውቅም» ይለዋል፣ እሱም ወደ መነሻው ይመለሳል። መነሻው ደግሞ የድሮው ስሌት ነው። ማንም ምንም ሳያጠፋ አንድ ታብሌት በድሮው ስሌት መክፈል ይጀምራል፤ ማጥፊያ ቁልፉም ስለተሰረዘ ከቢሮ ሊያስተካክሉት አይችሉም።

ትክክለኛው መንገድ ከታብሌቱ ይጀምራል። በአዲስ የአፕሊኬሽን እትም ውስጥ ፍላጉን የሚጠይቀውን የኮድ ቅርንጫፍ አውጥተው አዲሱን ስሌት ብቻ ይተዉ፤ ፍላጉ ጠፍቶ ያለበትን ቴስትም አብረው ይሰርዙ። የመሸጋገሪያውን ቴስት ግን አይንኩ፤ በእትም 1 የተመዘገበ ደረሰኝ ዘግይቶ ቢደርስ ሰርቨሩ እንዳለ መቀበሉን የሚጠብቅ እሱ ነው፤ ደረሰኙን በፍላግ ከመክፈት ይልቅ የተዘጋጀ የእትም 1 መዝገብ እንዲልክ ብቻ ይቀይሩት። እትሙን ለሁሉም ያሰራጩ። በሰርቨሩ ላይ ፍላጉ እንደበራ ይቆይ፣ ማን እንደሚጠይቀውም ይመዝገብ። የመጨረሻው የድሮ እትም ታብሌት ከተሻሻለ ወይም ከመዝገብ ከወጣ በኋላ፣ ጥያቄውም ሲቆም፣ ያን ጊዜ ስሙን በሁሉም ቦታ ይፈልጉ።

```
grep -rn "new_moisture_calc" .
```

ይህ ትእዛዝ ኮዱ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳየው። በዳታቤዝ ውስጥ የተቀመጠ የሪፖርት መጠይቅ፣ የሰርቨር ማዋቀሪያ ፋይልና የመዛኞች መመሪያ ለየብቻ ይታዩ። ሁሉም ንጹሕ ሲሆን ፍላጉን ከሰርቨሩ ይሰርዙ። የስሌት እትም የያዘው ዓምድ ግን አይወጣም፤ እሱ የሂሳብ መዝገብ አካል ሆኗል።

የተሰረዘውን ስም ደግሞ ለሌላ ሥራ አይጠቀሙበት። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ አክሲዮን አገበያይ ድርጅት እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 የደረሰበት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ለዓመታት ሥራ ላይ ያልዋለ ኮድ ከሰርቨሮቹ ሳይወጣ ቆይቶ፣ ያንን ኮድ ያነቃ የነበረው ፍላግ ለአዲስ አገልግሎት ተሰጠ። አዲሱ ኮድ ከስምንቱ ሰርቨሮች በሰባቱ ላይ ተጭኖ ስምንተኛው ተዘለለ። ፍላጉ ሲበራ በስምንተኛው ላይ የነቃው የድሮው ኮድ ነበር። በ45 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ድርጅቱ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። በችግሩ መካከል ባለሙያዎቹ ለማዳን ሲሉ አዲሱን ኮድ ከሰባቱ ሰርቨሮች ላይ አነሱ፤ ፍላጉ ግን እንደበራ ስለነበር የድሮው ኮድ በሰባቱም ላይ ነቃ። ኮድን ወደ ኋላ መመለስና ፍላግን ማጥፋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በእርስዎም ሥርዓት ላይ የትኛው እንደሚቀድም ማጥፊያውን የሚጫነው ሰው ይወቅ፦ መጀመሪያ ፍላጉ ይጠፋል፣ ኮዱ በኋላ ይታያል።

ስለዚህ አሁን ባለበት ሁኔታ አያብሩት። በመጀመሪያ የስሌት እትሙን ዓምድ ይጨምሩና ፍላጉ ለአንድ ደረሰኝ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጠየቅ ያድርጉ፤ የጠፋውን መንገድና ሁለቱን የመሸጋገሪያ ቴስቶች ይጻፉ። ቀጥሎ ገንዘብ ሳይነካ ጎን ለጎን ያስሉ፣ ከዚያ አንድ ማዕከል ይክፈቱ። እርጥብ በቆሎ የሚገባበት ሰሞን ካለፈብዎት፣ ጎን ለጎኑን ስሌት አብርተው እስከሚቀጥለው ኅዳር ቢያቆዩት ይሻላል፤ ክፍያው እስከዚያ በድሮው ይቀጥል።